አራተኛው ማሌሽ

ዓርብ የካቲት 10 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ካርቱም ሳጃና ሰፈር በእትዬ ማዘንጊያ ግቢ የተገኙት አምስት ሰዎች ነበሩ። ከኦምዱርማን ገበያ ድልድዩን ተሻግረው የመጡት ቅመም ነጋዴው ሸህ አብዱልሰላም፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ገብረየስ፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ ማዘንጊያ፣ ከባሏ ሸሽታ ስምንት ቀን እዚያ የከረመችው ሉጥፊያ፣ እና ባሏ ተውፊቅ።

ተውፊቅ ከሁሉም በኋላ ነው የደረሰው። በአንድ እጁ በሲባጎ የታሰረ የባስጣ ጣፋጭ ካርቶን አንጠልጥሏል። ነጭ ጀላቢያው አሁን ከካውያ የወጣ ነው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለና የብረት በሩን ደግፎ የያዘውን ቀይ ጡብ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። በሩ ከኋላው ድው ብሎ ተዘጋ።

በአገር ቤት የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው። ካርቱም ግን ደለል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ድንጋይ ቢፈልጉ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው እርቅ ጊዜ፣ ተውፊቅ ጡብ ተሸክሞ ሲመጣ ሽማግሎቹ ስቀው፣ አገሩን አልረሳም ብለው ወደውለት ነበር። ያን ጊዜ ጡቡን ከቤቱ ይዞ ነበር የመጣው። ዛሬ ከበሩ አነሳው።

«ያ ጡብ የቤቴ ነው» አለች ማዘንጊያ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ስትጨርስ ቦታው መልሰው። በሩን ነፋስ ይመታብኛል።»

ሸህ አብዱልሰላም እጃቸውን አነሱ። «ተይ እንጂ ማዘንጊያ፤ ለይቅርታ የመጣ ሰው በነገር አይወጋም።»

ገብረየስ ከሸሁ አጠገብ በገመድ በተሠራው አንገረብ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ባስጣው እግሩ ሥር ተቀምጧል። ካርቶኑ በአንድ ጥግ በስኳሩ ርሶ ጠቁሯል፤ ዝንቦች አግኝተውታል። አራተኛው ካርቶን ነው። የቀደሙትን ሦስቱን በልተዋቸዋል። እርቁ ሲያልቅ እጃቸውን እየላሱ፣ «የልጅ ነገር፤ አላህ ያግባባቸው» እየተባባሉ በልተዋቸዋል። ዛሬ ግን የዚያ ጣፋጭ ሽታ ገና በአፍንጫው ሲገባ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጎን ገፋው።

ነገሩ ሁሉም የሚያውቀው ነበር። ተውፊቅ በኦምዱርማን መስመር ሀፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ይነዳል። አሁን በሸሁ የእህት ልጅ በኩል ፖርት ሱዳን የከባድ መኪና ሥራ አግኝቷል፤ ሰኞ ይሄዳል። ሚስቱን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ፖርት ሱዳን ማዘንጊያ የለችም፣ ሮጠው የሚገቡበት ግቢ የለም፣ ሉጥፊያ የምታውቀው አንድ ሰው የለም። በዚያ ላይ የስደተኛ ካርዷ ያለው በእሱ ኪስ ነው። በዚያ ወር የድሮ ስደተኞች ካርድ ከመጋቢት በፊት ዋጋ ሊያጣ ነው ተብሎ ከተማው ተሸብሯል፤ አገሬ የማልመለስበት ጉዳይ አለኝ የሚል ሁሉ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። የሉጥፊያ ቀጠሮ እሑድ ጧት ነው። ካርድ ያልያዘ ደግሞ የስደተኞች መሥሪያ ቤቱን በር አያልፍም። ዛሬ «እሺ» ካለች ሰኞ የሱ ናት። «እምቢ» ካለች ካርዷ ከሱ ጋር ይሄዳል።

ሸሁ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ «በል ልጄ፤ ተናገር» አሉት።

ተውፊቅ ከሉጥፊያ አጠገብ በጉልበቱ ተንበረከከ። በግራዋ በኩል ነበር። ጡቡን በአንድ እጁ ደግፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«ሉጥፊያ፣ ስሚኝ። ያው… የሆነው ሁሉ ሆኗል። በመካከላችን ነገር ተፈጥሯል። ሰይጣን ገባ። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። ካስቀየምኩሽ ማሌሽ። ያላንቺ ሰው አይደለሁም። ስምንት ቀን አልበላሁም፣ አልተኛሁም፤ ጠይቂ፣ ጎረቤት ይመሥክር። ወላሂል ዐዚም ከዛሬ በኋላ እጄን ካነሳሁ እጄ ይቆረጥ። ማሌሽ። እነዚህን አባቶች አታሳፍሪያቸው።»

እንባው መጣ። ጎንበስ ብሎ የሸሁን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያ ወደ ገብረየስ ዞሮ እግሩን ሊስም ወደቀ። ገብረየስ እግሩን ሳይሰበስብ ቀርቶ በጫማው ላይ አንድ ርጥብ ነገር ሲያርፍ ተሰማው፤ እንባ ይሁን ንፍጥ አልለየውም። በአሸዋው ላይ ቀስ ብሎ ጫማውን አሸ።

ሸሁ ወደ ሉጥፊያ ዞሩ። «ሰማሽ ልጄ?»

ሉጥፊያ አንገቷን ወደ እሳቸው አዞረች፤ ሙሉ በሙሉ፣ ቀኝ ጉንጯን አስቀድማ። «ምን አለ?» አለች።

«እንዴት ምን አለ? አሁን የተናገረውን።»

«አልሰማሁትም፣ ሸህ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያወራው።»

ተውፊቅ ቀና አለ። «ትሰማለች፤ እያሾፈች ነው።»

«በዚያ ጆሮዋ አትሰማም» አለች ማዘንጊያ። «በጥፊ የመታሃት ዕለት ደም ከጆሮዋ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በግራ ጆሮዋ የሚገባ ድምፅ የለም። ሐኪም አሳይቻታለሁ፤ ታምቡሩ ተቀዷል አለ። ያ ሁሉ ልቅሶ የፈሰሰው በደነቆረው ጆሮ ነው።»

ተውፊቅ ጡቡን እንደያዘ አንዴ ግራ ጎኗን፣ አንዴ ቀኟን አየ። «የቱ ጆሮ?» አለ።

ገብረየስ ከጫማው ቀና ብሎ አየው።

ሰውየው ስምንት ቀን አልተኛሁም ይላል። በስምንት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ፣ እጄ የት ነው ያረፈው፣ ምን ሆና ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ስለ ራሱ እንቅልፍ፣ ስለ ራሱ ምግብ፣ ስለ ራሱ እጅ መቆረጥ ይነግራቸዋል፤ ስለ እሷ የነገራቸው ነገር የለም። ይቅርታ የሚጠይቅበትን ነገር እንኳ አያውቀውም።

ሸሁ ትንሽ ደነገጡ፤ ግን አርባ ዓመት ሰው ያስታረቁ ሰው ናቸው፣ መንገዳቸውን ያውቁታል። «በይ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለሱ ብለሽ ባይሆን ለሽማግሌ ብለሽ። ለአላህ ብለሽ። ይህን ነጭ ጢም አታዋርጂው።» አሉና ወደ ገብረየስ ዞረው ጠበቁ።

ጥበቃው ሥርዓት ነበረው። ሸሁ «ለሽማግሌ ብለሽ» ይላሉ፤ ገብረየስ ተከትሎ «እሺ በይ ልጄ» ይላል፤ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ባስጣው ይፈታል። ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ነበር። ገብረየስ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሽማግሌ ሆኖ የሚጠራውም ስለዚሁ ነው፣ ያችን አንዲት ቃል በሰዓቷ ስለሚጥላት።

ዛሬ ቃሏ አልወጣችም።

ዓይኑ ላይ የመጣበት ልብስ ነበር። አምና በክረምት ሉጥፊያ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ይዛለት ሱቁ መጥታ፣ «ጋሽ ገብረየስ፣ ሚስማር ያዘኝ፤ ጠቅመህ ስጠኝ» ብላው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስማር እንዴት እንደሚቀድ ያውቃል። ሚስማር ሲይዝ ጨርቁ በማዕዘን ይቀደዳል፤ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ጎን። ያ ቀሚስ ግን እጅጌው ከትከሻው ስፌት ላይ ተገንጥሎ፣ ክሩ አንድ በአንድ ተበጥሶ፣ ጨርቁ እስከ ብብቱ ቀጥ ብሎ ተቀድዶ ነበር። ሰው ጨብጦ ሲጎትተው ብቻ ነው እንዲያ የሚሆነው። እሷም እንዳወቀ አውቃለች። እሱ ግን ሁለቴ ደርቦ ሰፋላት፣ «ሚስማሩን ንቀዪው» አላት። ሁለተኛው እርቅ ካለፈ ገና ሃያ ቀን አልሞላም ነበር።

«ገብረየስ» አሉት ሸሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቀው፣ ሸህ» አለ ገብረየስ። «ተውፊቅ፣ ምን እንዳደረግህ ንገረን።»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ጋሽ ገብረየስ። ነገር ተፈጠረ።»

«ማን ፈጠረው?»

ተውፊቅ ወደ ሸሁ አየ። «ያው ተጋጨን።»

«ሁለታችሁ ከሆናችሁ የተጋጫችሁት፣ የሷን ጡብ ማን ይሸከምላት?» አለች ማዘንጊያ።

«ማዘንጊያ» አሉ ሸሁ፤ ግን የቀድሞውን ያህል አልቆጡም።

ገብረየስ ቀጠለ። «ከጀመርህ ጀምሮ ቃልህን እየሰማሁ ነው። ተፈጠረ፣ ሆነ፣ ገባ፣ ተሳሳትን፣ ተጋጨን። አድራጊ የለውም። ካስቀየምኩሽ ደግሞ አልክ። ጆሮዋን አደንቁረህ፣ አስቀይሜሽ ይሆን ወይ ብለህ ትጠራጠራለህ? ‹እኔ፣ ተውፊቅ፣ ሚስቴን በጥፊ መታኋት› በል። ሌላ አልልህም።»

ተውፊቅ ጡቡን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «መታኋት» አለ በመጨረሻ፣ «ግን ምን እንዳለችኝ ጠይቋት። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲባል…»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«እውነት እኮ ነው፣ ጋሼ። በጊዜ ምሳ አላቀረበችም፤ ሲጠይቋት ትመልሳለች፤ ሰይጣን ደግሞ…»

«ተውፊቅ» አለች ማዘንጊያ፣ «የሀፍላው ባለቤት ሙስዐብ በሰው ፊት አህያ ብሎ ሲሰድብህ ሰምቻለሁ። ሰሜን ገበያ ማቆሚያው ላይ። ‹ሓዲር፣ እሺ ጌታዬ› ብለህ ራስህን ነቀነቅህ። ያን ዕለት ሰይጣን ዕረፍት ላይ ነበር? ለሱ የሚገኝ ትዕግሥት ለሷ ሲሆን ወዴት ይሄዳል?»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቁመው ነበር።

ገብረየስ ሌላ ነገር ጠየቀ። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በሦስተኛው እርቅ፣ ተውፊቅ ቁርኣን ላይ እጁን ጭኖ ሦስት ነገር ቃል ገብቶ ነበር። «ካርዷን በነጋታው እመልስላታለሁ አልክ። የትኛው ቀን መለስህላት?»

«ሥራ በዛ። ደግሞ እሷ ትጥለዋለች፣ እኔ ጋ ይጠበቃል።»

«በሳምንት አንድ ቀን ማዘንጊያ ጋ ትሂድ አልክ። ስንት ቀን መጣች?»

«እንጃ» አለ ተውፊቅ።

«አንድም» አለች ማዘንጊያ።

«ንዴት ሲመጣብኝ ቤቱን ጥዬ ሸህ አብዱልሰላም ጋ እሄዳለሁ አልክ።» ገብረየስ ወደ ሸሁ ዞረ። «አንቱ ይመስክሩ። ስንት ቀን በርዎን አንኳኳ?»

ሸሁ ጥያቄው ወደ እሳቸው ይመጣል ብለው አልጠበቁም። ጥምጥማቸውን ነካ አደረጉ። «አልመጣም» አሉ ቆይተው። «አንድ ቀንም አልመጣም።»

«እንግዲህ ዛሬ የገባው ቃል ያው የያኔው ነው። ስፌቱ ብቻ ነው አዲስ» አለ ገብረየስ።

ተውፊቅ ተነፋረቀ። «ሰው አይለወጥም ነው የምትሉት? ዕድል ስጡኝ። ፖርት ሱዳን አዲስ አገር ነው፣ አዲስ ሰው እሆናለሁ።»

«ሰው ይለወጣል» አለች ማዘንጊያ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሹፈት ተናገረች። «ነፍሱን ይማረውና ባሌ በየነ አንድ ጊዜ መትቶኛል። ገዳሪፍ እያለን። ጡብም አልተሸከመ፣ አላለቀሰም። በነጋታው ለብቻው ወንድሜ ጋ ሄዶ፣ ‹እህትህን በቡጢ መታኋት፤ እሷ ምንም አላደረገችም› አለው። ማንም አልላከውም። ከዚያ ልብሱን ይዞ ጋራዡ ውስጥ መተኛት ጀመረ፤ ‹ስትፈልጊኝ ጥሪኝ፣ ካልፈለግሽም መብትሽ ነው› አለኝ። አራት ወር አልጠራሁትም። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አልለመነኝም፣ ሰው አልላከብኝም። ቀለቤን በእቃ አስቀምጦ ይሄድ ነበር።»

«ከዚያስ በምን አመንሽው?» አሉ ሸሁ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

«ከተመለሰ በኋላም አላመንኩትም። ሰላም በሆነ ቀንማ ማን ይመታል? አንድ ዓመት እንደ በግ ቢሆን ምንም አይነግረኝም፤ የሚያናድደው ነገር አልመጣማ። ያመንኩት እንደገና የተናደደ ዕለት ነው። ልክ እንደ መጀመሪያው ዕለት ጠጥቶ መጣ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ዕለት ክፉ ቃል ተናገርኩት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። እጁን ወደ ኋላ አደረገ፣ ወጣ፣ ዓባይ ዳር ሄዶ… አይ ገዳሪፍ ዓባይ የለም፤ ገበያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ‹ወጣሁ እኮ› ብሎ እንኳ አልተኩራራም። ያን ዕለት ነው።» ወደ ተውፊቅ አየች። «አንተ ግን ሁልጊዜ የምትለወጠው ሽማግሌ ፊት ነው። በሩ ሲዘጋ ማንም አያውቅህም።»

ሉጥፊያ ቀኝ ጆሮዋን አስጠግታ የሁሉንም ትሰማለች። አሁን ግን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሸህ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? እኔ ካርቱም ስመጣ ዐረብኛ አላውቅም ነበር። ካምፕ ውስጥ ሁሉም የአገሬ ሰው ነው። ማሌሽ የምትለዋን ቃል የሰማሁት ከሱ ነው። በመታኝ ማግስት፣ ‹ማሌሽ፣ ማሌሽ› አለኝ። ይቅርታ ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።»

«ነው እኮ» አለ ተውፊቅ።

«ከዚያ ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ሥራ ገባሁ። አንድ ቀን የእመቤቲቱን የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩ። የእናቷ ማስታወሻ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ቆሜ ሳለ እሷ መጣችና ትከሻዬን ይዛ፣ ‹ማሌሽ ያ ሉጥፊያ፣ ማሌሽ› አለችኝ። ግራ ገባኝ። የሰበርኩት እኔ፣ ማሌሽ የምትል እሷ። ምን በደለችኝ አልኩ? ዓመት ሙሉ ግራ እንደገባኝ ቆየሁ። ሀፍላ ውስጥም አንድ ሰው ራሱን በሩ ጋ ሲመታ ሰው ሁሉ ማሌሽ ይለዋል፤ ማንም አልነካውም።» ተነፈሰች። «ስምንቱን ቀን እዚህ ተኝቼ ሳስብ ነው የገባኝ። ቃሉ ሁለት ነው። የበደለም ይላል፣ የሚያጽናናም ይላል። ‹አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ ያልፋል› ማለትም ነው። እሱ ለኔ የሚለኝ ይህኛውን ነው። ከበር ጋር ተጋጭቼ እንደወደቅሁ ሰው ነው የሚያጽናናኝ። አራት ዓመት ይቅርታ ጠየቀኝ ብዬ ይቅር ስለው ኖርኩ፤ እሱ ግን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሸሁ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። በሰፈሩ ለስንት ሰው ማሌሽ ብለው እንዳስታረቁ እያሰቡ ይሁን፣ ገብረየስ አላወቀም።

«በአማርኛም ብያለሁ» አለ ተውፊቅ። እንባው ደርቋል። «ይቅርታ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ሌላ ምን ልበል? ካርዱንም ይኸው።» ከደረት ኪሱ ሰማያዊውን ካርድ አወጣ፤ ጠርዙ ተበልቷል። ሉጥፊያ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ከፍ አድርጎ ያዘው። «መጀመሪያ እሺ በይ። ሰኞ መኪና ላይ ስትወጪ እሰጥሻለሁ። ቃሌ ነው።»

ገብረየስ በአፍንጫው ብቻ ተነፈሰ። ይህን ያየ ሰው ምን ይጨምራል? የመለሰ መስሎ ያሳያል፣ ዋጋ ይጠራበታል። ዝንቦቹ ካርቶኑን ጥለው ተነሡ፣ ተመልሰው ሰፈሩ።

«የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅህ» አለው። «እሺ ባትልስ? ይቅርታህ የተጠየቀው ለሷ ነው ወይስ እሷን ለመውሰድ? አልመለስም ብትልህ ምን ታደርጋለህ?»

«እሺ ትላለች» አለ ተውፊቅ።

«አልልም» አለች ሉጥፊያ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሸሁ በትክክል መስማታቸውን ለማረጋገጥ ቀና አሉ።

«አልመለስም፣ ተውፊቅ። ፖርት ሱዳንም አልሄድም።»

ተውፊቅ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ጡቡን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው። የተሸከመበት አያያዝ አልነበረም አሁን። «እኔ፣» አለ፣ «እኔ በዚህች ፊት ተንበርክኬ? ለዚህች ብዬ የሰው ጫማ ልሼ? ማን ያስጠጋሻል አንቺን? ወረቀት የለሽ፣ ዘመድ የለሽ፣ ደንቆሮ። እጄ ላይ ትመጫለሽ። ያን ጊዜ ጆሮ ብቻ አይሆንም።»

ይህ ድምፅ በሦስቱም እርቅ ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ሉጥፊያ ብቻ አልደነገጠችም፤ ታውቀዋለች። ሌሎቹን ቀስ ብላ አየቻቸው፣ ሰማችሁ እንደማለት።

ሸህ አብዱልሰላም ተነሡ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ከተነሡ በኋላ ግን የወጣት ያህል ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጡቡን አስቀምጥ» አሉ።

አስቀመጠው።

«እስከ ዛሬ እሺ ስትባል ብቻ ነበር ያየሁህ፣ ልጄ። እምቢ ስትባል አላየሁህም። ሳላይ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰጠሁህ። ይቅርታ ጠያቂ እምቢ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አንተ ዕቃ ልትገዛ መጥተህ ዋጋ ያልተስማማህ ነው የምትመስለው።» እጃቸውን ዘረጉ። «ካርዱ አማና፣ አደራ ነው። የሷ ነው። ስጠኝ።»

«ሸህ፣ በእኔና በሚስቴ መካከል…»

«የፖርት ሱዳኑን ሥራ ያገኘልህ የእህቴ ልጅ ነው። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። የምነግረውን አንተ ምረጥ።»

ተውፊቅ ካርዱን ሰጠ። ለሉጥፊያ ሳይሆን ለሸሁ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። ገብረየስ ይህንንም አየው፤ የሰጠው ስለ ጸጸተ አይደለም፣ ሥራው ሊያመልጠው ስለሆነ ነው። ጽድቅ ቢመስልም የፍርሃት ሽታ አለው፤ ከሽቶው ጋር ተቀላቅሎ ግቢውን ሞላው። ተውፊቅ ወጣ። ጡቡን ወደ በሩ አልመለሰውም።

ሸሁ ካርዱን በሁለት እጃቸው ለሉጥፊያ ሰጡና፣ «ዐፉ በይኝ» አሉ።

ገብረየስ ከአንገረቡ ወረደና ወደ ቀኝ ጎኗ ዞሮ ቆመ። ልቡ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። በሰው ፊት ስለ ራሱ ተናግሮ አያውቅም።

«ሉጥፊያ፣ ያ አረንጓዴ ቀሚስ በሚስማር እንዳልተቀደደ ያን ዕለት አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ከዚያ ረመዳን ሊገባ ሲል እዚህ ቁጭ ብዬ እሺ በይ አልኩሽ። ያንቺን ጆሮ የደነቆረው እጁ ነው፤ ወደ እጁ የመለስኩሽ ግን እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አሁን መልስ እንድትሰጪኝም አልፈልግም። እሑድ ጧት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከጠየቁኝ ያየሁትን እናገራለሁ። እዚህ ግን ዛሬ አትደሪ፤ ቤቱን ያውቀዋል። በዚህ ሳምንት የምትሆኝበትን ቦታ ለኔም አትንገሪኝ።»

ሉጥፊያ አየችው። እሺም፣ እምቢም አላለችም። ካርዱን ጡቷ ሥር አስገባችው።

ማዘንጊያ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ የባስጣውን ካርቶን በሲባጎው በሁለት ጣቷ ብቻ አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችው። እዚያ ፍየሎቿ ነበሩ። አሽትተው ተዉት።

ሉጥፊያ ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በፊት ወደ ኦምዱርማን ሄደች። እሑድ የካቲት 12 ቀን ካርዷን ይዛ ቃለ መጠይቁ ገባች፤ ገብረየስ በር ላይ እስከ ቀትር ቆመ፣ ሦስት ጥያቄ ተጠይቆ መለሰ። ተውፊቅ ሰኞ ብቻውን ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሸህ አብዱልሰላም ሰው ልኮ ሽማግሌ እንዲሰበሰብለት ጠየቀ። አልተሰበሰበም።